አዲሱ የጂፒኤስ መከታተያ፦ የግል ሰዓታችሁ በየትኛው መንገድ ይጠበቅ?

ለ፦ መኪና ይዛችሁ ወደ ቤት ለምትገቡ ሾፌሮች በሙሉ
ከ፦ የስምሪት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ክትትል በተመለከተ ምርጫችሁን እንድታሳውቁ

በመኪኖቻችን ላይ የጂፒኤስ መከታተያ ሊገጠም ነው። በሥራ ሰዓት ክትትሉ በሁሉም መኪና ላይ እኩል ይሠራል፤ በዚህ በኩል ምርጫ የለም። ምርጫ የተሰጣችሁ ከሥራ በኋላ ላለው ሰዓት ነው። መኪናውን ይዛችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ ወይም በዕረፍት ቀን በፈቃድ ለግል ጉዳይ ስትነዱ የት እንደነበራችሁ ቢሮው ማወቅ የለበትም። ይህንን ለመጠበቅ ሦስት መንገዶች ቀርበዋል፦ የሰዓት ሰሌዳ፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠም ማብሪያ ማጥፊያ፣ እና የስልክ መተግበሪያ። ሻጮቹ ሦስቱንም «ግላዊነትን ይጠብቃሉ» ይሏቸዋል። ልዩነቱ የሚታየው መረጃው የት ላይ እንደሚቆረጥ ስትጠይቁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መረጃው የሚሄድበትን መንገድ እንይ።

መረጃው ከመኪናው እስከ ስክሪኑ

ብዙ ሰው ሳተላይት ከላይ ሆኖ መኪናውን የሚያይ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መሣሪያው ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት ምንም አይልክም። ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ይዞ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ከዚያ በውስጡ ባለው ሲም ካርድ አማካይነት፣ በተራው የሞባይል ኔትወርክ፣ ያሰላውን ወደ ሰርቨር ይልካል። የስምሪት ሠራተኛው ካርታ ላይ የሚያየው ሰርቨሩ ያሳየውን ነው። ሦስት ማቆሚያዎች አሉ ማለት ነው፦ መሣሪያው፣ ሰርቨሩ እና ስክሪኑ። መረጃው መሣሪያው ላይ ከተቆረጠ የግል ጉዟችሁ የትም አልተጻፈም። ሰርቨሩ ላይ ከተቆረጠ ደርሶ ነበር፣ ግን አልተቀመጠም። ስክሪኑ ላይ ብቻ ከተሸፈነ ደግሞ ተቀምጧል፤ የማየት ፈቃድ ያለው ሰው ሊከፍተው ይችላል።

የእኛ መሣሪያ መኪናው ሲሄድ በየ30 ሰከንዱ፣ ሲቆም በየሰዓቱ አንድ መዝገብ ይልካል። መዝገቡ ቦታ፣ ሰዓት፣ ፍጥነት፣ የሞተር ቁልፍ መዞር አለመዞሩን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር እና ድንገተኛ ፍሬን ይይዛል። ማይክሮፎንም ካሜራም የለውም። በገበያ ላይ ድምፅ የሚያዳምጡ መከታተያዎች ስላሉ ይህንን በቃል ብቻ አትመኑ። በሚገጠምበት ቀን አጠገቡ ቁሙና ገመዶቹን ቁጠሩ። የባትሪ፣ የመሬት እና የሞተር ቁልፍ ገመድ ሦስት ናቸው፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ለመረጠ የማብሪያውና የድምፅ ማስጠንቀቂያው ገመዶች ይጨመራሉ። ከእነዚህ ውጭ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ያለው ገመድ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ መሪው ሲሳብ ካያችሁ ምን እንደሆነ ሳይነገራችሁ አትፈርሙ።

መጀመሪያው መንገድ፦ የሰዓት ሰሌዳ

በሰሌዳው ላይ የሥራ ሰዓታችሁ ይሞላል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ቦታ አይታይም። ትልቁ ጥቅሙ ምንም ማስታወስ አያስፈልጋችሁም። ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ይዘጋል፣ በማግስቱ በራሱ ይከፈታል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ገብቶ በአንድ ሰዓት ለሚወጣ ሰው ይህ ይበቃዋል።

ድክመቱ ግን መሣሪያው ሰሌዳውን አለማወቁ ነው። ማታም ይልካል፤ የሚያጣራው ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ ከሰሌዳው ውጭ የመጣውን ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰርዝ ተደርጎ ተዋቅሯል፣ እስኪሰረዝ ድረስ ግን አለ። ይህንን መንገድ የመረጠ ሰው የሚተማመነው በሽቦ ሳይሆን በቢሮው አሠራርና በሰርቨሩ ቅንብር ላይ መሆኑን ይወቀው።

በሰሌዳ ላይ በብዛት የሚበላሸው ሰዓት ነው። መሣሪያው የሚጠቀመው ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ዩቲሲን ነው። ሰሌዳውን የሚሞላው ሰው የሰዓት ልዩነቱን ማስተካከል ከረሳ መጋረጃው በልዩነቱ ልክ ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ይወርዳል። ልዩነቱ 3 ሰዓት ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መዘጋት የነበረበት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሊዘጋ ይችላል። ሲስተሙ ላይ የሚጻፈው ደግሞ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ የምሽቱ 12 ሰዓት `18:00`፣ የጠዋቱ 1 ሰዓት `07:00` ተብሎ ይነበባል። ሰሌዳችሁ ሲሞላ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አጻፉ።

ሁለተኛው መንገድ፦ የዳሽቦርዱ ማብሪያ ማጥፊያ

ይህ ከመሣሪያው ጋር በገመድ የተገናኘና ሁለት አቋም ያለው ነው፦ «ሥራ» እና «የግል»። ወደ የግል ስትመልሱት መሣሪያው መዝገብ መላኩን አያቆምም፣ ግን ቦታውንና ፍጥነቱን በዜሮ ይተካል። መዝገቡ ይህን ይመስላል፦

```
ignition=1 speed=0 odo=84221 lat=0 lon=0 mode=private
```

ቦታው ከመኪናው አልወጣም። በኋላ ማንም ሰርቨሩን ቢፈትሽ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ኪሎ ሜትሩ ግን ይቆጠራል፤ ለዘይትና ለጎማ ቅያሪ ያስፈልጋል። እኔ ሦስቱን ሳመዛዝን በግላዊነት በኩል ይህኛው ይበልጣል።

ዜሮው የሚያመጣው አንድ እንግዳ ነገር አለ። ዜሮ ኬክሮስና ዜሮ ኬንትሮስ እውነተኛ ቦታ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲያ፣ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይገኛል። ካርታው እነዚህን መዝገቦች እንዲያልፋቸው ካልተደረገ መኪናችሁ ባሕር ውስጥ ይታያል፤ ከመጨረሻው የሥራ ቦታ እስከ ውቅያኖስ ድረስም ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። በወር ሪፖርታችሁ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ስለዚህ ርቀት የሚሰላው በመሣሪያው ውስጥ እንጂ በካርታው ነጥቦች መካከል እንዳይሆን ተደርጓል።

የማብሪያው ዋና ጠላት መርሳት ነው፣ በሁለቱም በኩል። ማታ ወደ የግል ሳትመልሱት ከሄዳችሁ የሄዳችሁበት መንገድ እንዳለ ተመዝግቦ ይቀራል። ጠዋት ወደ ሥራ ሳትመልሱት ከወጣችሁ ደግሞ ዕቃ ያደረሳችሁበት ቀን ባዶ ይሆናል፤ ደንበኛው «አልደረሰኝም» ቢል የምታቀርቡት ማስረጃ የለም። ለዚህ ብለን ማብሪያው የግል ላይ እንዳለ ሞተር ከተነሣ ሦስት አጭር ድምፅ እንዲያሰማ አድርገናል። ሞተር ሲጠፋ በራሱ ወደ ሥራ እንዲመለስ ግን ሆን ብለን አላደረግንም። በሌላ ቦታ እንዲህ ተደርጎ የሚገጠም ስላለ ልዩነቱን እወቁት፦ ሾፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ ዳቦ ገዝቶ ሞተር ሲያስነሣ ሳያውቀው የሥራ ላይ ሆኖ ይቀጥላል።

ሦስተኛው መንገድ፦ የስልክ መተግበሪያ

እዚህ መኪናው ላይ ምንም አይገጠምም። ሥራ ስትጀምሩ መተግበሪያውን ትከፍታላችሁ፣ ስትጨርሱ ትዘጋላችሁ። በወረቀት ላይ ሲታይ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ነው። በተግባር ግን ችግሩ ስልክ ከመኪና የሚለየው ነገር ላይ ነው፦ ስልክ አብሯችሁ ይወርዳል። በምሳ ሰዓት መኪናውን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ቤት ወይም ወደ ጸሎት ቤት ብትገቡ መከታተያው የሚያሳየው መኪናውን ሳይሆን እናንተን ነው። መኪናው ላይ የሚገጠመው መሣሪያ ይህንን አያደርግም።

ይህንን ከመረጣችሁ የቦታ ፈቃዱን ሲጠይቃችሁ `While using the app` የሚለውን ምረጡ እንጂ ሁልጊዜ የሚፈቅደውን አትምረጡ። ሌላው ችግር የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ ስልኩ መተግበሪያውን ሊያስቆመው ስለሚችል ጉዞው መሀል ላይ የ20 እና የ30 ደቂቃ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱን የሚያይ ሰው ሾፌሩ ደብቆ ነው ሊል ይችላል። ለመተግበሪያው ባትሪ ቆጣቢውን ካላጠፋችሁ በየሳምንቱ ማብራሪያ ስትሰጡ ትኖራላችሁ። እኔ ይህንን መንገድ የምመክረው ድርጅቱ ለሥራ ብቻ የሚሆን ስልክ ለሰጣቸውና መኪናቸው በየቀኑ ለሚቀያየር ብቻ ነው።

አንድ ምሽት በሦስቱም መንገድ

ሥራችሁ በደንቡ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ያበቃል እንበል። ዛሬ ግን የመጨረሻው ጭነት ዘግይቶ ከምሽቱ 1፡40 ላይ አወረዳችሁ። ከዚያ 14 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዘመድ ጠየቃችሁ፣ ከዚያ 6 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቤት ገባችሁ። በማግስቱ ጠዋት 12፡50 ላይ ሞተር ታስነሣላችሁ፤ ሰሌዳችሁ የሚከፈተው ጠዋት 12፡30 ላይ ነው።

በሰሌዳ ከሆነ መጋረጃው 12 ሰዓት ላይ ወርዷል፣ ጭነቱ ግን ገና መኪናው ላይ ነው። የመጨረሻው የሥራ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አይታይም። ይህ ቢሮውን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ይጎዳል፤ የትርፍ ሰዓት ስትጠይቁ የቆያችሁበትን የሚያሳይ መዝገብ ተሰርዟል። መፍትሔው 12 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ለስምሪት ደውሎ ሰሌዳውን ለዚያ ቀን ማስረዘም ነው። ካስረዘማችሁ ደግሞ ስትጨርሱ እንደገና ደውላችሁ ማሳጠርን አትርሱ፤ አለዚያ የዘመድ ቤቱም ይመዘገባል።

በማብሪያው ከሆነ 1፡40 ላይ ወደ የግል ትመልሱታላችሁ። ሥራው እስከዚያ ድረስ ሙሉ በሙሉ ተመዝግቧል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው «20 ኪሎ ሜትር፣ የግል» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። መጫኑን ከረሳችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ስታሳውቁ ያ ጉዞ ከሰርቨሩ ይሰረዛል። እዚህ ላይ ግን መረጃው ከመኪናው ወጥቶ ነበር፤ ከመጀመሪያው እንዳልተላከ አይቆጠርም።

በመተግበሪያው ከሆነ 1፡40 ላይ ትዘጉታላችሁ፣ ሃያ ኪሎ ሜትሩ ራሱ አይመዘገብም። ጠዋት የዳሽቦርዱን ኪሎ ሜትር በእጅ መሙላት አለባችሁ። ማታ መኪናው ቢሰረቅ ግን የሚፈለግበት ምንም ነገር የለም።

የቤታችሁ በር እንዴት ይታወቃል

አሁን ደግሞ የማግስቱን ጠዋት ተመልከቱ፤ ከሁሉም በላይ ሳይታወቅ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው 12፡30 ላይ ተከፍቷል፣ መኪናው ግን ገና በራችሁ ላይ ቆሟል። 12፡50 ላይ ቁልፉን ስታዞሩ የመጀመሪያው ነጥብ ይላካል፤ ቦታው ቤታችሁ ነው። ማታውን ሁሉ የተሸፈነው ነገር በአንድ ነጥብ ተገለጠ። በማብሪያውም ቢሆን በራችሁ ላይ ደርሳችሁ ወደ የግል የምትመልሱ፣ ጠዋትም እዚያው ወደ ሥራ የምትመልሱ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው። በየቀኑ የመጨረሻውና የመጀመሪያው ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ሲደራረቡ ካርታ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቤታችሁን ያውቀዋል።

ማብሪያውን ለመረጠ ማስተካከያው ቀላል ነው። ማታ የመጨረሻው የሥራ ቦታ ላይ ወደ የግል መልሱት። ጠዋት ሦስቱን ድምፅ ስትሰሙ ወዲያው አትንኩት፤ ከቤት ርቃችሁ ዋናው መንገድ ላይ ስትደርሱ መኪናውን ዳር አቁማችሁ ወደ ሥራ መልሱት። እየነዳችሁ አትጫኑት።

ሰሌዳ ለመረጠ ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛው የሰሌዳው መክፈቻ ከቤት ከምትወጡበት ሰዓት በኋላ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 1፡10 ይሁን። ሁለተኛው በሰፈራችሁ ዙሪያ ክብ ማስከለል ነው፤ በክቡ ውስጥ ያለ ነጥብ አይቀመጥም። ክብ ስታስከልሉ ግን ቤታችሁን መሀል ላይ አታድርጉ። ክብ ማዕከል አለው፣ ማዕከሉም የቤታችሁ አድራሻ ይሆናል። 500 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ውሰዱና ቤታችሁ ወደ አንዱ ጠርዝ እንዲጠጋ አድርጉ። ጂፒኤስ በገላጣ ቦታ ከጥቂት ሜትር በላይ አይሳሳትም፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ግን ምልክቱ ግድግዳ ላይ ተንጸባርቆ ስለሚመጣ በአሥሮች ሜትር ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ 100 ሜትር ያህል ትርፍ ተዉ።

ምርጫችሁ የማይሸፍነው

መኪናው መሰረቁን ካስታወቃችሁ ስምሪት ከሩቅ ትእዛዝ ልኮ ማብሪያው የግል ላይ ቢሆንም ቦታውን ማስላክ ይችላል። ይህ በር መኖሩን ልትረሱት አይገባም። የሚከፈተው ሾፌሩ ሲያመለክት ወይም ከባድ አደጋ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎች አብረው ይፈቅዳሉ፣ ትእዛዙ የተላከበት ሰዓትም በመዝገብ ይቀመጣል፣ ሾፌሩ በማግስቱ በጽሑፍ ይነገረዋል። የራሳችሁን መኪና የትእዛዝ መዝገብ በማንኛውም ጊዜ ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የሥራ ሰዓት ዝርዝር ነጥቦች ለ90 ቀን ይቀመጣሉ፤ ከዚያ የቀኑ ጠቅላላ ኪሎ ሜትርና ሰዓት ብቻ ይቀራል። ካርታውን የሚያዩት ተረኛ የስምሪት ሠራተኛና እኔ ነን። ጋራዡ የሚያየው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ድንገተኛ ፍሬን ብቻውን ለቅጣት ምክንያት አይሆንም፤ መሣሪያው ላላ ብሎ ከተገጠመ ጉድጓድ ራሱ ፍሬን መስሎ ይመዘገባል።

ፊውዙን መንቀልን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ለግላዊነት ብሎ የሚያደርገው ሰው የሚፈልገውን ተቃራኒ ያገኛል። ኃይል ሲቋረጥ መሣሪያው ወዲያው የማስጠንቀቂያ መልእክት ያለበትን ቦታ ጨምሮ ይልካል፣ ከዚያም በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ይሠራል። ምልክት የሚያፍኑ መሣሪያዎች ደግሞ በአጠገባችሁ ያለውን የሌላ ሰው ጂፒኤስ ሁሉ ያበላሻሉ፤ በብዙ አገሮችም በሕግ የተከለከሉ ናቸው።

ማብሪያው በትክክል መሥራቱን መፈተሽ

በተገጠመ ቀን ጋራዡን ሳትለቁ ወደ የግል መልሱት፤ ብርቱካናማው መብራት ሳይርገበገብ መብራት አለበት። 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ተመለሱና ወደ ሥራ መልሱት። ከዚያ በራሳችሁ መግቢያ ገብታችሁ የዚያን ጊዜ መዝገብ እዩ። ሁሉም `lat=0 lon=0` መሆን አለበት። በመሀል አንድ እውነተኛ ነጥብ እንኳ ካለ አትቀበሉት።

ከሳምንታት በኋላ ጉድጓድ ስትመቱ መብራቱ ብልጭ ካለ፣ ወይም መዝገቡ ላይ የ3 እና የ4 ሰከንድ «ሥራ» በ«የግል» መሀል ከገባ፣ የመሬት ገመዱ ላልቷል ወይም የገመድ መቀጠያው በደንብ አልነከሰም። ይህ ሶፍትዌር አይደለም፤ ኤሌክትሪሺያኑ ገመዱን ይበይድ።

አንዳንዴ ደግሞ የግል ላይ መልሳችሁ እያለ መኪናው ካርታ ላይ መንቀሳቀሱን ሊቀጥል ይችላል። ከመደንገጣችሁ በፊት የነጥቦቹን ሁለት ሰዓት አወዳድሩ፦ የተመዘገበበትንና ሰርቨር የደረሰበትን። ኔትወርክ በሌለበት ስትሠሩ መሣሪያው ነጥቦቹን ያጠራቅምና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካቸዋል። የተመዘገበበት ሰዓት ማብሪያውን ከነካችሁበት በፊት ከሆነ የሥራ ነጥቦች ናቸው። በኋላ ከሆነ ግን ማብሪያው አልሠራም፤ በዚያው ቀን አሳውቁ።

ምርጫው

ሰዓታችሁ የማይዛነፍ ከሆነና መኪናውን ከሥራ ወደ ቤት ከማድረስ ውጭ የማትነዱት ከሆነ ሰሌዳ ውሰዱ፣ መክፈቻውን ግን ከቤት ከወጣችሁ በኋላ አድርጉ። ሰዓታችሁ የሚለዋወጥ፣ የምታመሹ ወይም በዕረፍት ቀን የምትነዱ ከሆነ ማብሪያውን ውሰዱ። አንድ መኪና ለሁለት የምትይዙ ሾፌሮች ማብሪያውን አብራችሁ ካልተስማማችሁበት አትምረጡ፤ የአንዱ መርሳት የሌላውን ቀን ባዶ ያደርጋል። መኪናውን ማታ በድርጅቱ ግቢ የሚያሳድር ሰው ምንም መምረጥ አያስፈልገውም።

ቅጹን በ10 ቀን ውስጥ ለተረኛ ስምሪት ስጡ። ያልመለሰ ሰው ሰሌዳ ይሞላለታል። ምርጫን በኋላ መቀየር ይቻላል፣ ከሰሌዳ ወደ ማብሪያ ለመቀየር ግን መኪናው ለግማሽ ቀን ጋራዥ መግባት አለበት። የእጅ ጽሑፋችሁ ያለበትን የቅጹን ቅጂ እናንተ ጋር አስቀሩ።